የዳሰሳ ጥናት ሪፖርት ስትጽፉ የትኛው ሰንጠረዥ ዋናው ክፍል ይግባ፣ የትኛው አባሪ ይሂድ?

አንድ የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የጥናት ሪፖርት ሲያነቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሽፋኑን ገለጡ፣ ማውጫውን ዘለሉ፣ ከዚያ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ጀመሩ። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃ። አንድ ፓይ ቻርት፣ ከዚያ ሌላ ፓይ ቻርት። 19ኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው «ታዲያ የባሰበት ቀበሌ የቱ ነው?» አሉኝ።

መልሱ ሰንጠረዥ 22 ላይ ነበር። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ፀሐይ ላይ ውለው፣ ቤት ለቤት ዞረው ያመጡት መልስ እዚያው ወረቀቱ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪፖርት ስጽፍ ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው የትኛው ሰንጠረዥ የት ይግባ ለሚለው ውሳኔ ነው።

ምሳሌውን ከዚያው ከውሃ ላይ ልውሰድ። በአንድ ወረዳ፣ በስድስት ቀበሌዎች፣ ስለ መጠጥ ውሃ የቤት ለቤት ጥናት አደረግን እንበል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። የናሙናውን ቁጥር ግን ጥናት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦

```
n = (1.96)² × 0.5 × 0.5 / (0.05)² = 384.16
```

መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል። ከ423 ቤተሰቦች 407ቱ መለሱ። መጠይቁ 48 ጥያቄዎች አሉት። ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ 48 ሰንጠረዥ ይተፋላችኋል። በቀበሌ ከፋፍሉት ስትሉት ደግሞ ሌላ 48 ይጨምራል። ታዲያ እነዚህን ሁሉ የት እናድርጋቸው?

ምርጫው ከሁለት ይበልጣል

ብዙ ሰው ነገሩን «ዋናው ክፍል ወይስ አባሪ» ብሎ ይጀምራል። እኔ የማያቸው ምርጫዎች አራት ናቸው። አንድ ውጤት በዓረፍተ ነገር ብቻ ሊነገር ይችላል። ዋናው ክፍል ውስጥ ሰንጠረዥ ወይም ግራፍ ሊሆን ይችላል። በየምዕራፉ መጨረሻ ሊሰበሰብ ይችላል። ወይም አባሪ ይሄዳል።

ዓረፍተ ነገር የሚበቃው ቁጥሩ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን ነው። «ከመላሾቹ 71 በመቶው ሴቶች ናቸው» ካላችሁ ነገሩ አልቋል። ለዚህ ፓይ ቻርት መሥራት ግማሽ ገጽ ማባከን ነው። ሦስት ቁጥር ሲሆን አሁንም ዓረፍተ ነገር ይችለዋል። አራትና አምስት ሲደርስ አንባቢው ወደ ኋላ እየተመለሰ ማንበብ ይጀምራል። ያኔ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል።

የምዕራፍ መጨረሻው ምርጫ የሚጠቅመው ሪፖርቱ ትልቅ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። እያንዳንዱ ምዕራፍ በዋና ዋና ግኝቶች ይጀምራል። ጽሑፉና ጥቂት ግራፎች ይከተላሉ። ዝርዝር ሰንጠረዦቹ በምዕራፉ መጨረሻ ተደርድረዋል። የናሙና አወሳሰዱ፣ የናሙና ስህተት ግምቶቹ፣ የመረጃ ጥራት ሰንጠረዦቹና መጠይቆቹ ደግሞ መጽሐፉ መጨረሻ አባሪ ውስጥ ናቸው። ስለ ምግብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ምዕራፉን ከነሰንጠረዡ ኮፒ አድርጎ ይሄዳል። የእኛ የውሃ ሪፖርት ግን 25 ገጽ ነው። እዚህ ላይ የምዕራፍ መጨረሻ ሰንጠረዥ ማንበቡን ከመቁረጥ በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ለትንሽ ሪፖርት ሦስቱ ምርጫዎች ይበቃሉ።

ሰንጠረዡን ብታወጡት ምን ይወድቃል?

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው። ሰንጠረዡን በእጄ እሸፍነውና ጽሑፉን አነበዋለሁ። አንድ ግኝት ወይም ምክረ ሐሳብ ማስረጃ አጥቶ ከቀረ፣ ሰንጠረዡ ዋናው ክፍል ውስጥ መኖር አለበት። ምንም ካልጎደለ አባሪ ይሂድ። የቀረው ነገር አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይግባ።

ይህን ለማድረግ ግን ሥራውን ገልብጦ መጀመር ይጠይቃል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ሰንጠረዦቹን በመጠይቁ ቅደም ተከተል እንደረድርና ከሥር ማብራሪያ እንጽፋለን። ጥያቄ 1 ሰንጠረዥ 1፣ ጥያቄ 2 ሰንጠረዥ 2። መጠይቅ የሚደረደረው ጠያቂው ከመላሹ ጋር እንዲግባባ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ቀላሉ ጥያቄ ይቀድማል። ሪፖርት አንባቢ ግን የሚፈልገው ከባዱን ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ምክረ ሐሳቦቹን ጻፉ። አራት ወይም አምስት ይሆናሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ «ይህን እንድል ያደረገኝ የትኛው ሰንጠረዥ ነው?» በሉ። ዋናው ክፍል የሚገባው ያ ነው።

በውሃው ጥናት የመጀመሪያው ምክረ ሐሳብ «አዲስ የውሃ ተቋም ሲታሰብ ቀበሌ 03 እና 06 ይቅደሙ» የሚል ነው። የተመሠረተው ውሃ ቀድቶ ለመመለስ ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ በላይ በሚወስድባቸው ቤተሰቦች ላይ ነው። 30 ደቂቃ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «መሠረታዊ አገልግሎት» የሚሉት፣ ከተሻሻለ ምንጭ ተቀድቶ ደርሶ መልሱ ከዚያ የማይበልጠውን ነው። ሰንጠረዡ ይህን ይመስላል፦

| ቀበሌ | የተጠየቁ ቤተሰቦች | ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅባቸው | በመቶ |
|---|---|---|---|
| 03 | 68 | 51 | 75 |
| 06 | 66 | 48 | 73 |
| 01 | 70 | 36 | 51 |
| 05 | 67 | 31 | 46 |
| 02 | 69 | 24 | 35 |
| 04 | 67 | 18 | 27 |
| ጠቅላላ | 407 | 208 | 51 |

ቀበሌዎቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እንዳልተቀመጡ ልብ በሉ። የባሰበት ከላይ ነው። «የባሰበት ቀበሌ የቱ ነው?» ለሚል ሰው መልሱ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይጠብቀዋል። አባሪ ውስጥ ግን በተራ ቁጥር ይቀመጥ፤ እዚያ የሚሄድ ሰው የራሱን ቀበሌ ፈልጎ ነው የሚሄደው።

ናሙናው የማይሸከመው ሰንጠረዥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ። 384 የሚለው ቁጥር 5 በመቶ ወዲህ ወይም ወዲያ የሚል የስህተት መጠን የሚሰጠው ለወረዳው በጠቅላላ ነው። በቀበሌ ስትከፋፍሉት ግን እያንዳንዱ 70 ገደማ ሰው ብቻ ይደርሰዋል። በ70 ሰው የስህተቱ መጠን ወደ 12 ያድጋል። ሁለት ቀበሌዎችን ስታወዳድሩ ደግሞ ልዩነቱ እስከ 17 ነጥብ ገደማ ካልደረሰ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ከአንድ ቦኖ የሚቀዱ ጎረቤታሞች መልሳቸው ይመሳሰላል። ናሙናው የተወሰደው በመንደር በመንደር ከሆነ እውነተኛው ስህተት ከዚህም ይበልጣል።

ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ። 03 እና 06 ከ01 በ22 ነጥብና ከዚያ በላይ ይርቃሉ። ይህ ይጸናል። 03 ከ06 ይብሳል ማለት ግን አንችልም፤ ልዩነቱ 2 ነጥብ ነው። 01 ከ05 ይብሳል ማለትም አንችልም። ስለዚህ ምክረ ሐሳቡ ሁለቱን ቀበሌዎች አንድ ላይ ይጠራል እንጂ አንደኛና ሁለተኛ አይልም። ከሰንጠረዡ ሥር አንድ መስመር ማስታወሻ ይግባ፦ «በቀበሌዎች መካከል ከ17 ነጥብ በታች የሆነ ልዩነት እንደ ልዩነት አይወሰድ።» ይህ መስመር አባሪ ከሄደ ኃላፊው ሳያዩት በ2 ነጥብ ልዩነት በጀት ይመድባሉ።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «በቀበሌና በቤቱ አስተዳዳሪ ጾታ ከፋፍለህ አሳየኝ» ቢላችሁስ? ቀበሌ 04 ውስጥ በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች 14 ብቻ ናቸው እንበል። ከ14ቱ 6ቱ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅባቸው ሲሆኑ «43 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ያምራል፤ ግን ሁለት ሰው ሌላ መልስ ቢሰጥ ኖሮ 29 ይሆን ነበር። ያነሳሁት የጤና ጥናት ለዚህ ግልጽ ደንብ አለው። መሠረቱ ከ25 ሰው በታች ከሆነ ቁጥሩ ቀርቶ ኮከብ ምልክት ይገባል። ከ25 እስከ 49 ከሆነ ቁጥሩ ቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ በትንሽ ጥናትም ይህንኑ እከተላለሁ። ቅንፍና ኮከብ የበዛበት ሰንጠረዥ ዋናው ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። አባሪ ይሂድ። ኮከብ ብቻ ከሆነ ደግሞ አባሪም አያስፈልገው።

ሰንጠረዥ ወይስ ግራፍ?

ዋናው ክፍል ይገባል ከተባለ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። አንባቢው ቁጥሩን ሊወስደው ነው ወይስ ሊያየው? ኃላፊው ቁጥሩን ገልብጠው ዕቅዳቸው ላይ ይጽፉታል፤ ስለዚህ የቀበሌውን ውጤት በሰንጠረዥ አስቀመጥኩት። ይኸው ውጤት በስብሰባ ላይ በስክሪን የሚቀርብ ቢሆን ኖሮ ባር ግራፍ አደርገው ነበር። ባሮቹ ወደ ጎን የተኙ፣ ከረጅሙ ወደ አጭሩ የተደረደሩ፣ ጫፋቸው ላይ ቁጥሩ የተጻፈባቸው ይሆናሉ። መነሻው ዜሮ ይሁን። ከ20 ካስጀመራችሁት 27 በመቶ የሆነው ቀበሌ ችግር የሌለበት ይመስላል።

ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ግን አይገባም። ሰንጠረዡ ይኸው፣ ከሥሩ የዚያው የሰንጠረዥ ግራፍ፣ ከሥሩ ደግሞ «ከላይ እንደተመለከተው በቀበሌ 03 75 በመቶ፣ በቀበሌ 06 73 በመቶ...» እያለ ሁሉንም ቁጥር የሚደግም አንቀጽ። ይህን በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጽሑፉ ማለት ያለበት ሰንጠረዡ የማይለውን ነው፦ 03 እና 06 ለምን ራቁ? የእጅ ፓምፑ ተበላሽቶ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ የለም?

መስመር ግራፍ ለጊዜ ብቻ ነው። ቀበሌ ከቀበሌ በመስመር አይያያዝም። ጊዜ ሲሆን ግን የሚተካከለው የለም። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2005 51፣ በ2011 44፣ በ2016 38 ነበር። አራት ነጥብ፣ አንድ መስመር፤ ማንም በአንድ እይታ ይረዳዋል። ስትሠሩት ግን ዓመታቱ እኩል እንደማይራራቁ አትርሱ። ከ2005 እስከ 2011 ስድስት ዓመት ነው፣ ሌሎቹ አምስት አምስት ናቸው። ኤክሴል ዓመቱን እንደ ተራ ስያሜ ከወሰደው እኩል ያራርቃቸዋል፣ መስመሩም ይዋሻል።

ፓይ ቻርት ላይ አቋሜ ጠበቅ ያለ ነው። ሁለት ቁራጭ ከሆነ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከአራት በላይ ከሆነ ዓይን ቁራጮቹን መለየት ያቅተዋል። ጭራሽ የማይሆነው ደግሞ ከአንድ በላይ መልስ የተፈቀደበት ጥያቄ ላይ ነው። «በበጋ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ?» ስንል አንዱ ቤት ቦኖም ወንዝም ይላል። መልሶቹ ሲደመሩ 143 በመቶ ይመጣሉ። ፓይ ግን ሁሉን 100 ላይ ጨፍልቆ ያስገባዋል። ስለዚህ ባር ይሁን፤ ከሥሩም «መላሾች ከአንድ በላይ መምረጥ ስለሚችሉ ድምሩ ከ100 ይበልጣል» ይባል።

ያ የታወቀው ሰንጠረዥ 1

የመላሾች ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታ ሁለት ገጽ ሙሉ ይዞ ሪፖርቱን ይከፍታል። የት ይሂድ? እዚህ ላይ መልሱ እንደ አንባቢው ይለያያል።

የማስተርስ መመረቂያ ከሆነ እዚያው ዋናው ክፍል ይቆይ። ፈታኞቻችሁ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው፤ ማን እንደተጠየቀ ሳያውቁ ውጤቱን አይቀበሉም። የየትምህርት ክፍሉ መመሪያም ብዙውን ጊዜ ይጠይቀዋል። ለወረዳ ወይም ለረጂ ድርጅት የሚሄድ ሪፖርት ከሆነ ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ ሙሉው አባሪ ይገባል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጉዳይ አለ። ከመላሾቹ ውስጥ ውጤቱን የሚያዛባ ነገር ካለ ዋናው ክፍል ውስጥ በግልጽ ይነገር። ከ407ቱ 289ኙ ሴቶች ናቸው፣ 71 በመቶ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ በቀን ሲሄዱ ወንዶቹ እርሻ ላይ ነበሩ። ውሃ ለመቅዳት የሚወስደውን ጊዜ በተመለከተ ይህ ጉዳት የለውም፤ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ ከማንም በላይ ያውቁታል። በወር ለውሃ የሚከፈለውን ገንዘብ በተመለከተ ግን፣ ባል በሚከፍልበት ቤት ሚስት ላታውቀው ትችላለች። ይህን አባሪ ውስጥ መክተት ከአንባቢው መደበቅ ነው።

እንዲያውም ክፍያው ላይ የታየው ይኸው ነው። 61 ሰዎች «አላውቅም» አሉ ወይም አልመለሱም። በወር ከ100 ብር በላይ እንከፍላለን ያሉት 121 ናቸው። SPSS ሁለት ዓምድ ያወጣል፦ `Percent` 29.7 ይላል፣ `Valid Percent` 35.0 ይላል። የመጀመሪያው ለ407 አካፍሎ ነው፣ ሁለተኛው መልስ ለሰጡት ለ346። እኔ 35ን እመርጣለሁ፣ ግን «ከመለሱት 346 ቤተሰቦች» ብዬ አካፋዩን አጠገቡ እጽፋለሁ። 61 ሰው አለመመለሱንም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እናገራለሁ። ያልመለሱት በቀበሌ ሲከፋፈሉ የሚያሳየው ሰንጠረዥ አባሪ ይሂድ፤ ከ61ዱ 40ዎቹ ከአንድ ቀበሌ ካልሆኑ በቀር። እንደዚያ ከሆነ ራሱን የቻለ ግኝት ነው፣ ወይም የአንድ መረጃ ሰብሳቢ ችግር ነው።

የእርካታ ጥያቄዎች

ስለ ውሃ ኮሚቴው 12 ዓረፍተ ነገር ቀርቦ መላሾች ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» መርጠዋል። 12 በ5፣ 60 ቁጥር። ሙሉውን ዋናው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ማንም የማያነበው ገጽ መሥራት ነው። የተለመደው መፍትሔ አማካይ አውጥቶ «3.0» ማለት ነው። እኔ አልወደውም። ሁሉም «መካከለኛ» ቢሉም 3.0 ይመጣል፣ ግማሹ እጅግ ረክቶ ግማሹ እጅግ ቢቆጣም 3.0 ይመጣል። ለኮሚቴው እነዚህ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ስለዚህ ምክረ ሐሳብ የተመሠረተባቸውን ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገሮች ምረጡ። «እስማማለሁ»ንና «በጣም እስማማለሁ»ን ደምራችሁ አንድ በመቶ አድርጉ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። 12ቱ ከነአምስቱ ምርጫዎቻቸው አባሪ ይግቡ። እዚህ ላይ አባሪው የግድ ነው። ቁጥር ጨፍልቃችሁ ካቀረባችሁ፣ ያልተጨፈለቀው አንባቢው ሊያገኘው የሚችል ቦታ መኖር አለበት። ከ12 ሦስቱን መርጣችሁ ቀሪዎቹን ካላሳያችሁ፣ የሚስማማችሁን ብቻ እንዳልመረጣችሁ ማን ያውቃል?

አባሪው ራሱ

አባሪ የተረፈ ነገር መጣያ አይደለም፣ አንባቢ አለው። ቁጥር የሚያጣራ ኦዲተር፣ ጥናቱን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚደግም ባለሙያ። ለእነሱ ሰንጠረዡ ብቻውን መቆም አለበት። ርዕሱ ማንን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው የሚለውን ይያዝ። ከSPSS የወጣውን እንዳለ መለጠፍ አይሆንም፤ «q17_rec» የሚል ስም ለጸሐፊው ካልሆነ ለማንም አይገባውም። አባሪዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ እየተባሉ በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ይሰለፉ። ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ ያልተጠቀሰ አባሪ ካለ ይውጣ። መጠይቁም ሰዎቹ በተጠየቁበት ቋንቋ ይግባ። በኦሮምኛ ተጠይቀው የእንግሊዝኛውን ብቻ ብታስገቡ፣ መላሾቹ የሰሙት ጥያቄ ምን እንደነበር ማንም ማወቅ አይችልም።

አባሪ የማይገባም አለ። የመላሾች ስም፣ ስልክና የቤታቸው የጂፒኤስ ነጥብ። በታብሌት የሚሰበሰብ መረጃ ብዙ ጊዜ ነጥቡን አብሮ ይመዘግባል፣ ፋይሉ ሲለጠፍም አብሮ ይሄዳል። «ኮሚቴው ገንዘቡን በላ» ያለች ሴት ቤቷ እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ይታወቃል ማለት ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት ዓምዶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ።

በመጨረሻ ወደ ማተሚያው ስትሄዱ አንድ ሙከራ አድርጉ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሪፖርቱን የሚያባዛው በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ ነው። ቀይና አረንጓዴ ባሮቻችሁ ፎቶኮፒ ሲደረጉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። አንድ ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ እዩት። የትኛው ባር የማን እንደሆነ ካልተለየ፣ ስሙን ባሩ አጠገብ ጻፉት፤ አለዚያ ወደ ሰንጠረዥ መልሱት።